በአባቴ ስም ለምትጠሩኝ የሥራ ባልደረቦቼ

ለተከበሩት የልብስ ማጠቢያችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለተከበሩት የሠራተኛ መዝገብ ያዥ፣ ለተከበሩት የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ፣ እንዲሁም ከእኔ ጋር አንሶላ ለምታጥፉ ባልደረቦቼ በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። ልጆቻችሁስ እንዴት ናቸው? ጠዋት የወጡት ሁሉ ማታ ይገባሉ? ይህን የምጠይቀው ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሰው ሳያጣው በፊት የማይጠይቀው ነገር ስለሆነ ነው። እኔ አለሁ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ የጻፍኩትም በገዛ ቋንቋዬ ነው። ወደ እናንተ ቋንቋ የምትመልስልኝ ጎረቤቴ መምህርት ናት። እሷ ጨዋ ናት። ንባቡ ለስለስ ያለባችሁ ቦታ ካለ የእሷ ጨዋነት መሆኑን አውቃችሁ ትንሽ አክሩት።

የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። የልጄን ስም በትክክል እንድትጠሩ፣ የራሷን አስቀድማችሁ የአባቷን እንድታስከትሉ ነው። ስሟን ግን እዚህ ገጽ ላይ አልጻፍኩትም፤ እንዲህ ካለ ነገር ጋር በአንድ ወረቀት እንዲያድር አልፈለግሁም። ለብቻው፣ በትልልቁ ጽፌ አያይዤዋለሁ።

እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ አስቀድሜ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ልጅ ሲወለድ አንድ ስም ይወጣለታል፤ ያ የራሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም ነው፣ ከዚያም የአያቱ። ሁለተኛውን ለይታችሁ ከጠራችሁ የጠራችሁት አባትየውን ነው። ሴትም ብታገባ የባሏን ስም አትወስድም። ስለዚህ እኔ፣ ልጄና የልጄ አባት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር በወረቀት ላይ ሦስት ባዕዳን ነበርን። ይህ አስቸጋሪ አይደለም። የእኛ አገር ሕፃን በሦስት ዓመቱ ያውቀዋል።

አሁን ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። የተከበሩ መዝገብ ያዥ፣ ስቀጠር ቅጹን የሞሉልኝ እርስዎ ነዎት። ቅጹ በመጀመሪያ የቤተሰብ ስም ይል ነበር፤ እርስዎም የአባቴን ስም አንስተው ከፊት አስቀመጡት። ባጄ ላይ በትልቁ የወጣው እሱ ነው፤ የእኔ ከሥሩ በደቃቁ ቀረ። አባቴ ግንበኛ ነበር። እኔ ሳላገባ ነው የሞተው። በሕይወቱ አንድ አንሶላ ተኩሶ አያውቅም፤ እናንተ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታስተኩሱት ኖራችኋል። ሬሳ ሥራ ማስያዝ የቻለ ድርጅት እንደ እናንተ አላየሁምና ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አንድ ጊዜ ለፈረቃ ኃላፊዋ ነግሬያቸው ነበር። “አንቺ ደግሞ፣ የሰዓት መፈረሚያው ማሽን እንዲህ ነው የሚያውቅሽ፤ ምን ቸገረሽ?” አሉኝ። የማሽኑን ትውውቅ ንቄ ክፉ ሰው እንዳልባል ወደ መተኮሻዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የአባቴን ስም ስትጠሩ አቤት እላለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከእናንተ ጋር አልካፈለውም።

ሁለተኛ። ልጄ እላይኛው ፎቅ፣ ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣው ልብስ ተቆጥሮ በሚለይበት ክፍል ሦስት ዓመት ሠርታለች። እሷንም በአባቷ ስም ጠራችኋት። እሱም ረዘመባችሁና ከመካከሉ ቆርጣችሁ “ሙሙ” አላችኋት። የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ የአንድ ጎልማሳ ሰው ስም ስባሪ ተሸክማ ደረጃ ትወጣ ትወርድ ነበር። በራሷ ስም ሊጠሯት የሞከሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው። መካከሉ ላይ ያለውን ፊደል ከጉሮሮ ቆረጥ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። እነሱ ግን ያለሰልሱትና የሌላ ሰው ያደርጉት ነበር። አንዷ ሦስት ጊዜ ሞክራ “ምላሴ ተሰበረ” ብላ ስቃ ተወችው። ምላሷ ድኖላት እንደሆነ አላውቅም። ልጄ ስናደድ ታየኝና “እማዬ ተያቸው፤ የራሴን እቤት ስገባ አገኘዋለሁ” ትለኝ ነበር።

ሦስተኛ። የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ማክሰኞ ልጄ ፈረቃዋ አልነበረም። ከአውቶቡስ ወርዳ መንገድ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። ሆስፒታል ስትደርስ ነፍሷን ታውቅ ነበር። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ ስሜን ሰጥታለች፤ አራት ጊዜ። የራሴን ስም። ሥራ ቦታ የምትጠሩኝን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ ግን አልጋ ላይ ተኝቶ እናቱን ማሽኑ በሚያውቃት ስም የሚጠራ ልጅ ማን ነው?

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከቦርሳዋ ባጇን አግኝተው ወደ ቢሮአችሁ ደወሉ። የእኔ ስልክ እንደ ሁላችንም ስልክ በደንባችሁ መሠረት ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ነበር። መዝገብ ያዥዋ በጣም ተጉ፤ ይህን እመሰክራለሁ። መጀመሪያ በልጄ “የቤተሰብ ስም” ዘመድ ፈለጉ። አንድ እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ እዚህ ቤት ዘመድ የላትም ማለት ነው። ከዚያ ሆስፒታሉ የሰጣቸውን የእኔን ስም ከላይ እስከ ታች በቤተሰብ ስሞች መካከል ፈለጉ። የለም። ከዚያ፣ ማንም አላስገደዳቸውም፣ በገዛ እግራቸው ደረጃውን ወርደው መተኮሻው አዳራሽ በር ላይ ቆሙና እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ አለች ወይ ብለው ጠየቁ።

የፈረቃ ኃላፊዋም አሰቡ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ምሳ የበላን ሰዎች ነን። የጉልበቴን ሕመም ያውቃሉ፣ የሻይዬን ስኳር ያውቃሉ። “እንዲህ የምትባል የለችንም፤ የሌሊት ፈረቃ ጠይቂ” አሉ። እኔ ከትልቁ መተኮሻ ማሽን ኋላ፣ ከእሳቸው ስድስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጆሮዬን በመድፈኛ ደፍኜ የሆስፒታል አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። ይህን የነገረችኝ አብራኝ የምታጥፈዋ ናት። ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ “ያን ቀን ደግሞ አንዲት የማትታወቅ ሴት ሲፈልጉ ነበር” ብላ እንደ ቀላል ወሬ አወጋችኝ። ስሟን ማን አሉ አልኳት። ነገረችኝ። የማትታወቀዋ ሴት እኔ ነኝ።

እኔና ልጄ አብረን ስንገባ ስንወጣ ሦስት ዓመት ታዩን ነበር። ስማችን ስላልገጠመላችሁ “የአንድ አገር ሰዎች ናቸው” ብላችሁ ነበር የተዋችሁት። ፊታችን ይገጥም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ እንደገና ደወለ። ቢሮው ተጣርቶ ያደረ ነገር አድርጎ “አጣርተናል፣ የለችም” አለ። ልጄ በስምንት ሰዓት ከሩብ ሞተች። እኔ ሎከሬን የከፈትኩት በዘጠኝ ተኩል ነው።

አራተኛ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስላሳያችሁት ሐዘን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የልጄን ፎቶ ለጥፋችሁ ከሥሩ የአባቷን ስም በትልቁ ጻፋችሁበት። ሰውዬው በሕይወት አለ። ከሌላ ሚስቱ ጋር ሌላ ከተማ ይኖራል። ወሬው በሰው በሰው ደርሶት ደወለልኝና “ሞተሃል ይሉኛል” አለኝ። ለልጁ ካደረገው ነገር ሁሉ ትልቁ ያን ቀን በስሟ ምትክ መሞቱ ነው። ቆማችሁ የህሊና ጸሎት ያደረጋችሁለትም እሱ ነው፤ ዕድሜ ይስጠው። የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ መቃብሩ ድረስ መጥተው ባማረ ድምፅ ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ አነበቡት። አክስቴ በጆሮዬ “ዛሬ ሌላም የሚቀበር አለ እንዴ?” አለችኝ። ለቀስተኛው ሌላውን ሬሳ በዓይኑ ሲፈልግ አየሁ። አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። በልጄ መቃብር ላይ የተሳቀው ያኔ ነው።

የላካችሁልኝ አበባም “ለወይዘሮ” ብሎ የዚያኑ ሰው ስም አስከትሎ ደረሰኝ። ከፈታሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። መልሳችሁ ስለዳራችሁኝ አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ ለመታሰቢያዋ የነሐስ ሰሌዳ አሠርታችሁ የፊታችን ሰኞ ከመግቢያው ሰዓት መፈረሚያ በላይ ልትሰቅሉ እንደሆነ ሰማሁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ደግ ሰው ናቸውና አሳይተውኛል። የአባቷ ስም ከፊት ነው፤ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፤ ከዚያ የእሷ። አሳጥሬ ልለምን፤ እንዳለ አትስቀሉት። በየጠዋቱ ከሥሩ ቆሜ የምፈርመው እኔ ነኝ። ገልብጣችሁ በጀርባው አስቀርጹት፤ ነሐስ ጀርባ አለው። ካልሆነም ባዶውን ስቀሉት። ባዶ ነሐስ ማንንም አይጠራም፤ ስለዚህ በማንም አይሳሳትም። ስትሰቅሉትም ከመካከላችሁ አንድ ሰው ስሟን ጮክ ብሎ ያንብብ። መጀመሪያ የእሷን፣ ቀጥሎ የአባቷን። መካከሉን ከጉሮሮ ቆረጥ አድርጎ። አሥር ጊዜ ተለማመዱና ኑ። አሥር ጊዜ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጄ አራት ሰዓት ጠብቃለች።

መዝገብ ያዥዋ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል ብለው ነገሩኝ። እንዲተኙ አልመክርም። የፈረቃ ኃላፊዋም የእኔ ነገር ሲነሳ አንገታቸውን ይደፋሉ አሉ። ቀና ይበሉና ባጄን ያንብቡ፤ ከሥር ያለውን፣ ደቃቁን።

ዘጠኝ ዓመት ጠርታችሁኝ የማታውቁኝ፣
የምታመሰግናችሁና የምታከብራችሁ፣
ለአባቴ ልጁ፣ ለልጄ እናቷ፣
የራሴንም ስም ከልጄ ስም ሥር፣ በዚያው በተያያዘው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።

ለማስታወስ ያህል፤ ሰኞ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። መተኮሻው ማሽን የአንድ ሰው እጅጌ ይዞ መጎተት ሲጀምር የሚያቆመው ቀዩ ቁልፍ ያለው እኔ በምቆምበት በኩል ብቻ ነው። ሌላው ሰው ዞሮ እስኪደርስ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የአባቴ ስም ከእንግዲህ ጆሮዬ አይገባም፤ እሱን አሳርፌዋለሁ። ስለዚህ ለእኔ ስትሉ ሳይሆን ለክንዳችሁ ስትሉ ስሜን አጥኑ።