የበሽታዬን ስም ለቢሮው አልሰጥም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ረፋድ
የሠራተኛ መግቢያ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያው ፊርማ። ጠመመ። ግድ የለም፣ የእኔው ነው።

ቢቸና ያው ናት፣ መሬት አስተዳደር ጽ/ቤታችንም ያው። መስኮቴ ላይ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል። ገበሬው የይዞታ ደብተሩን የሚቀበልበት መስኮት። ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ሁሉም አቅፈው ሳሙኝ። ዓይናቸው ግን አንገቴን አልፎ ይወርዳል፤ አጥንቴን ይቆጥራሉ። ምንሽን ነበር? የት ታከምሽ? ባልሽስ ደህና ነው? (ባሌን ምን አመጣው?) ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ አልኩ። አልበቃቸውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ላንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ፤ አንተ አታወራም። የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሳንባዬ ንጹህ ነው፤ አልስልም፤ ከእኔ ወደ ሰው አይተላለፍም። ወራት በጀርባዬ ተኛሁ። መድኃኒቱ ዓመት ይፈጃል፣ አራት ወር ይቀረኛል።

ትናንት ኪኒኔን ስውጥ የመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ የሺ አየችኝ። ዛሬ ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆዬን ለብቻው አስቀመጠችው። ደግ ሴት ናት እኮ! ስታመም ጠበል አምጥታልኛለች። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

አብራኝ የምትሠራው ዘይነባ ብቻ አልደበቀችኝም። የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ነገር አታድበሰብስም። ኤች አይ ቪ ነው እያሉ ነው አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ደሜ ፈላ። ነገ የምርመራ ወረቀቴን ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ! ያንብቡት!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ሳልለጥፍ ኃላፊው አቶ ሙሉጌታ ጠሩኝ። የሐኪም ወረቀቴ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፦ ሥራ መሥራት ትችላለች፣ ለሦስት ወር ከባድ ዕቃ አታንሳ። የበሽታው ስም የታለ አሉ። ሕዝብ የምታገለግዪ ሠራተኛ ነሽ፣ ማወቅ አለብን። እስከዚያ መዝገብ ቤት ግቢ። ለአንቺው ብዬ ነው፣ ከሕዝብ ጫጫታ ትገላገያለሽ።

መዝገብ ቤት! ፋይል ታቅፎ መሰላል መውጣት፣ ቀኑን ሙሉ። ማዘን እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
የምርመራ ወረቀቴን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ለመለጠፍ። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሐሳቤን ነገርኩት። ምሳ ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

እሱ ቫይረሱ በደሙ አለ። ዓመታት ሆነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፣ ከማናችንም በላይ ይሠራል። ማንም አያውቅም። ስሙን ላንተም አልጽፍም።

“እውነትሽን ነው፣ በሽታሽ ሌላ ነው” አለኝ። “ግን አንቺ ‘ያ አይደለም’ ብለሽ ስትምዪ፣ እኔ የት ልቁም?”

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። አፈርኩ። በበሽታዬ አይደለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ሞጣ
ክትትል። በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ፣ ጀርባዬ ሲቃጠል። ሐኪሟ ነካክታ አየችኝ፤ አጥንቱ እየገጠመ ነው አለች። የቢሮውን ነገር ነገርኳት። የበሽታው ስም ያንቺ ነው፣ አንቺ ካልፈቀድሽ አልጽፍም አለች። መሥሪያ ቤቱ ማወቅ ያለበት የምትችይውንና የማትችይውን ነው። ጽፋ ማኅተም መታችበት፦ ተቀምጣ ባለጉዳይ ማስተናገድ ትችላለች፤ ለሥራ ባልደረቦቿ ስጋት አይደለችም፤ ፋይል ተሸክማ መሰላል አትውጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ወረቀቱን ለሰው ሀብት ሰጠሁ። ባለሙያው አነበበ፣ መዘገበ፣ ይበቃል አለ። አቶ ሙሉጌታ አልበቃቸውም፤ በቃል ንገሪኝ አሉ። ወደ መዝገብ ቤት የሚያዛውሩኝ ከሆነ ምክንያቱን ጽፈው፣ ፈርመው ይስጡኝ አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አነሡ። መልሰው አስቀመጡት።

ኮሪደሩ ላይ ወ/ሮ የሺ።
“ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።”
“እሱማ ለሐኪም ነው፣ እትዬ። ለመሥሪያ ቤት አልተባለም።”
“ታዲያ ያ ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።”

አንዲት “አይ” ብቻ ብትወጣኝ ሁሉም ያልቅ ነበር። የዓርቡ ባልደረባዬ ከወዲያ በኩል ፋይል ያገላብጣል፤ ገጹ ግን አይዞርም።

“ቢሆንስ? ሻይ አታጠጪኝም?”

ቀላች። እኔም ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
መስኮቴ ላይ ነኝ። የዝውውር ደብዳቤ አልመጣም። የተቀመጠው ልጅ ራሱ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አቶ ሙሉጌታ ሁለቴ አለፉ። ሹክሹክታው አለ፤ ይኑር።

አንድ ሽማግሌ ከገጠር መጡ። ጠፍተሽ ከረምሽ አሉኝ። ታምሜ አልኳቸው። እንኳን ማረሽ ብለው ማመልከቻቸውን ዘረጉልኝ። በቃ። ሌላ ጥያቄ የለም።

ወስኛለሁ። “ነው”ም “አይደለም”ም አልልም። ያሻቸውን ያስቡ። ባለጉዳይ ተሰልፏል፣ በኋላ እጽፋለሁ።