አምስተኛዋ አንቀጽ ብቻዋን

ሰኞ፣ ሻዕባን 11
ከዐስር ሶላት በኋላ

ለታናሽ ወንድሜ፣ አባባ «ዓይኔ» ይሉህ ለነበርከው፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ ስትነሳም ስትቀመጥም የምትጠራው ያንተን ስም ነው። መድኃኒቷን የማቀርብላት እኔ፣ የምትመርቀው አንተን! ይሁን።

ልቤን ልንገርህና ይውጣልኝ፤ እቀናብሃለሁ። ዛሬ የጀመረኝ አይደለም፣ ከልጅነታችን ነው። ይህን ደብቄ የቀረውን ብጽፍልህ ደብዳቤው ውሸት ይሆንብኛል።

አባባ አላህ ይዘንላቸውና ካለፉ ሦስት ወር ሆነ። አባባ ያስተምሩት የነበረውን የመስጂዱን ደርስ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ግን «ለጊዜው» ተብዬ። በቦታቸው ማን እንደሚቀመጥ ኮሚቴው በዚህ ወር መጨረሻ ይወስናል። ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ «ወንድምህ ጻፈ?» ይለኛል። ሰውዬ፣ እኔ'ኮ ፊትህ ቆሜያለሁ! እኔ እዚህ ቀርቼ አባባን ሳስታምም፣ ትልቁ ዓሊም ግን አንተ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው «ደርሱ ሱረቱ ተውባ ላይ ሲደርስ ይጠቅምሃል» ብለህ በሰው እጅ የላክኸው ስምንት ገጽ የደረሰኝ። ማን ጠየቀህ? ደሜ ፈላ። ፖስታውን ሳልከፍት ከመጽሐፎቹ ስር ወሸቅሁት። በራሴ እወጣዋለሁ አልኩ።

ደርሱ የቁርኣኑ ዘጠነኛ ሱራ፣ ተውባ ላይ ደረሰ። ጎሚስታው ታስታውሰዋለህ? መስጂዱ ግድግዳ ሥር፣ ከአናጢው ጋር አንድ ሱቅ ለሁለት ተካፍለው የሚሠሩት። አናጢው የኛ ሃይማኖት ተከታይ አይደለም፤ ሃያ ዓመት አብረው አንድ ቁልፍ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ጎሚስታው ስልኩን አወጣና አምስተኛዋን አንቀጽ አነበበ፣ «ሙሽሪኮችን፣ አጋሪዎቹን፣ ባገኛችሁበት ስፍራ ግደሉዋቸው» የምትለዋን። ስልኩ ላይ ያለችው ብቻዋን ነው፤ ፊቷም ኋላዋም ተቆርጧል። «ኡስታዝ፣ ታዲያ እኔ ከዚያ ሰው ጋር መቀመጤ እንዴት ነው?» አለኝ።

አየህ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሊቀመንበሩም ነበር። «ይሄ ልጅ ያውቃል እንዴ?» የሚል ዓይን። በአባባ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ያነበብኳት ነገር ትዝ አለችኝና ኮራ ብዬ፣ «ይህች የሰይፍ አንቀጽ ትባላለች፤ ከመጨረሻዎቹ ከወረዱት ናት። ስለ ሰላም የሚናገሩ ከመቶ የሚበልጡ አንቀጾችን ሽራለች ያሉ ዑለሞች አሉ» አልኩ። እዚያው ላይ አቆምኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያሉ አሉ። ግን መልስ የሰጧቸው ሌሎች ዑለሞች እንዳሉ አልተናገርኩም፤ ማወቄን ማሳየት እንጂ ማስረዳትን አላሰብኩም።

በማግስቱ ጎሚስታው የአናጢውን መጋዝና መላጊያ አስፋልት ላይ አውጥቶ አስቀመጠ። አልተማቱም፣ አልተሰዳደቡም። አናጢው ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሄደ አሉኝ። እኔ ስደርስ የእንጨት ፍቅፋቂ ብቻ ቀርቷል። ጎሚስታው «ኡስታዝ፣ ባሉኝ መሠረት» አለኝ። ወላሂ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት ገባሁና ፖስታህን ቀደድኩት። እያነበብኩ ስሰድብህ ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም እዚያ አለ። ሱራው የወረደው በዘጠነኛው ዓመተ ሂጅራ መሆኑ፣ ነገሩም ቃል ኪዳን እየገቡ ካፈረሱ የዓረብ ጎሳዎች ጋር መሆኑ፤ ከእነርሱ በፊትም ነቢዩ ከመካ ሰዎች ጋር የተዋዋሉትን የሑደይቢያን የአሥር ዓመት ውል የመካ ሰዎች ወዳጅ ጎሳ በሙስሊሞቹ ወዳጆች ላይ በሌሊት ወርዶ እንዳፈረሰው። አንቀጿ ራሷ አራት ወር ጊዜ ከተሰጠ በኋላ የምትመጣ መሆኗ። ከእርሷ በፊት ያለችው አራተኛዋ ደግሞ ውላቸውን ያላጎደሉትን ለይታ «ቃላቸውን እስከ ጊዜው ሙሉላቸው» ትላለች። ከእርሷ በኋላ ያለችው ስድስተኛዋ፣ ከእነዚያው ሙሽሪኮች አንዱ ጥበቃ ቢለምንህ ጠብቀው፣ የአላህን ቃል ይስማ፣ ከዚያም ከሚተማመንበት ቦታ አድርሰው ትላለች። ባገኘህበት ግደለው የተባልከውን ሰው እንዴት ሸኝተህ ታደርሰዋለህ? አሥራ ሦስተኛዋም ምክንያቱን ትናገራለች፤ መሐላቸውን ያፈረሱ፣ መልክተኛውን ለማባረር ያሰቡ፣ መጀመሪያም የጀመሩት እነርሱ ናቸው።

ስለ መሻርም ጽፈሃል። ሽሯል የሚባለው ሁለት አንቀጾች በምንም መንገድ አብረው መቆም ሳይችሉ ሲቀሩና የትኛው በኋላ እንደወረደ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ የቀደሙት ሰዎች ደግሞ «መሻር» ሲሉ አንዳንዴ የአንቀጹን ወሰን ማጥበብ ብቻ ማለታቸው ነበር። ብዙዎቹ እያንዳንዱ አንቀጽ ለወረደበት ሁኔታ ይሠራል፣ የሰላሙም ለሰላም ጊዜ ነው ብለዋል። ሁሉም በአንድ ቃል አልተናገሩም ብለህ መጻፍህ ደስ አለኝ፤ አላጋነንክም። በሱረቱል በቀራ «የሚዋጉዋችሁን ተዋጉ፣ ወሰንም አትለፉ» የሚለውን፣ በሙምተሒና ደግሞ ላልተዋጉዋችሁና ከቤታችሁ ላላባረሩዋችሁ መልካም ከመዋል አላህ አይከለክላችሁም የሚለውን አጠገብ አስቀምጠሃል።

በሚቀጥለው ደርስ ስምንቱንም ገጽ አነበብኩላቸው። «ያለፈው መልሴ ጎዶሎ ነበር፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ። ያንተን ስም ግን አልጠራሁም። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን ጨብጦ «የአባትህ ልጅ!» አለኝ። ወንድሜ፣ አርባ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር። ቤቴ እስክደርስ ድረስ እንኳ አላቆየኝም፤ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ጎሚስታው እያለቀሰ አናጢው ቤት ሄደ፤ ይዞኝ። አናጢው ከፈተልን፣ ወንበር ሰጠን። ጎሚስታውን ሲያቅፈው ምንም አልከበደውም። ወደ እኔ ዞሮ ግን እንዲህ አለኝ፦ «በእሱ አልተቀየምኩም፤ የነገሩትን ነው የሠራው። ያዘንኩት በአንተ ነው። አባትህ ይህችን ነገር በያመቱ ሲያስተምሩ በመስኮቱ እሰማቸው ነበር። ከፊቷ ያለችውንም፣ 'ከሚተማመንበት አድርሰው' የምትለዋንም። እኔ መጋዜን አቁሜ ሰማሁ፤ አንተ እፊታቸው ተቀምጠህ አልሰማህም?»

ጎንበስ ብዬ «አጥፍቻለሁ» አልኩት። ለአንተ ግን ልንገርህ። አልሰማሁም። አባባ ሲያስተምሩ እኔ የማየው ዓይናቸውን ነበር፤ ወደ አንተ ስንት ጊዜ እንደዞሩ እቆጥር ነበር።

አናጢው ወደ ሱቁ ተመልሷል። ትናንት ደግሞ ደርሱ ላይ ስምንቱ ገጽ የማን እንደሆነ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን አልነካም፤ «እንግዲያው ጻፍለትና ይምጣ» አለኝ። ይኸው ጽፌልሃለሁ። ኮሚቴው ይፈልግሃል፣ እማማ ትፈልግሃለች። እኔን አትጠይቀኝ፤ ቅናቴ አሁንም አለ፣ ስትመጣ ፊቴ ቢጠቁር አትገረም።

ብትመጣ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር አድርግልኝ። ተውባን ከመጀመሪያዋ አንቀጽ ጀምረህ፣ አባባ ያስተማሩትን፣ ለእኔ ብቻ አስተምረኝ። ወደ እኔ እያየህ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ በሰላም ያገናኘን።

ታላቅ ወንድምህ