«እማማ ደክመዋል» ስላለችው ልጅ

ይድረስ ለተከበሩት የሠራተኛ አገናኝ ድርጅቱ የስልክ ትርጉም ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንበርዎ ተመችቶዎት፣ ስልኮችዎ ሳይቋረጡ፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሽማግሌ ስለሆንኩ ሰላምታዬ ቢረዝምብዎ አይቆጡኝ። ያኔ በገጽ ስለነበር የሚከፈለኝ ማርዘም ለምዶብኛል። ዛሬ ግን የምጽፈው በነጻ ነው፣ የምጽፈውም በእናንተ አገር ለሰው ቤት ሥራ ስለላክናት የልጅ ልጄ ነው። ስትናገር ድምጿ ስለማይሰማ «ሹክሹክታ» ብዬ የምጠራት እኔ ነኝ፤ እርስዎም በዚሁ ይወቋት፣ በመዝገባችሁ ላይ ያለው ቁጥር ረጅም ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ላቀረብኩት አቤቱታ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ፣ ከመልሱም ጋር የስልክ ንግግሩን ከቅጂው ላይ አስገልብጠው አንድ ገጽ ስለላኩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በደብዳቤዎ «ትርጉሙ ቃል በቃል ተመርምሮ እንከን አልተገኘበትም» ብለዋል። ገጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እውነትዎን ነው። እንከኑን ፈልጌ ያጣሁት ስለሆነ፣ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ካርዱ ነው። ሹክሹክታ ወደዚያ ቤት ስትገባ፣ ሥራዋ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት ማጠብ፣ ማገላበጥና ማብላት መሆኑ ተነግሯት፣ አንዲት የፕላስቲክ ካርድ በአንገቷ አንጠልጥላችሁላታል። በካርዱ ላይ በቋንቋችን «ችግር ሲያጋጥም በዚህ ቁጥር ብቻ ይደውሉ፤ አሠሪዎን ሳያስፈቅዱ ወደ ሌላ ቁጥር አይደውሉ» የሚል ተጽፏል። ፊደሉ ያምራል። የተከበረው ድርጅት ልጅቱን አምቡላንስ ከመጥራት ኃጢአት ስለጠበቀልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ስለዚያች ቀን ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሹክሹክታ ለአሮጊቷ አጥሚት ስታበላ ማንኪያው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አንስታ ብትሰጣቸው እጃቸው አልዘጋ አለ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዞረ፤ ሊናገሩ የፈለጉት እንደ ማንኮራፋት ሆኖ ወጣ። በካርዱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች፣ ለቋንቋችን የተሰጠውን ቁጥር ነካች፣ አስተርጓሚው «አሥራ ሰባት ቁጥር ነኝ» ብሎ ቀረበ። እርሱም መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የነበረችውን አሠሪዋን፣ የአሮጊቷን ሴት ልጅ፣ በሦስተኛው መስመር አስገባ። ልጄ «እመቤቴ፣ እማማ ደክመዋል፤ በጣም ደክመዋል» አለች። አሥራ ሰባት ቁጥርም በእናንተ ቋንቋ «እናትሽ ደክሟታል፤ በጣም ደክሟታል» አለ፣ ሥራ ውሎ ስለደከመው ሰው እንደሚባለው። አሠሪዋም «ሌሊት አልተኛችም፣ ትተኛ፤ እንዳትቀሰቅሳት፣ እኔ ማታ እመጣለሁ» አለች። እርሱም «ይተኙ፣ አትቀስቅሻቸው፣ ማታ እመጣለሁ ብለዋል» አለ። ልጄ «እሺ፣ ማንኪያውም...» ብላ ጀመረች። አሥራ ሰባት ቁጥር «ሌላ ጥያቄ አለሽ?» አላት። «የለም፣ ይቅርታ» አለች። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ። አንድ ጥሪ ከሦስት ደቂቃ እንዳያልፍ የምትቆጣጠሩ መሆናችሁን ሰምቻለሁና ሃምሳ ሴኮንድ ስላተረፈልዎት ሠራተኛ እንኳን ደስ አለዎት።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ «ደክሟል» ከተባለ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ልጅ ከሩቅ ይጠራል። ማንም «ይተኛ» አይልም። ይህን የማያውቅ የቋንቋችን ተናጋሪ የለም፣ አሥራ ሰባት ቁጥርም ቢሆን ስለ እናቱ ቢነገረው አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። ነገር ግን በእናንተ ደንብ አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በዚያው ደንብ፣ ቁጥሩ አሥራ አራት በሆነው አንቀጽ፣ አስተርጓሚው የተባለው ግልጽ ካልሆነለት ቆም ብሎ «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ለሁለቱም ወገን ሊያስረዳ እንደሚችል ተጽፏል። ደንቡን የላኩልኝ እርስዎ ነዎት። ያንን አንቀጽ እንዳላነበው ገጹን አጥፈውት ቢሆን ኖሮ ለሁለታችንም ይሻል ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በአንድ በማውቀው ሽማግሌ ላይ ነው። ሹክሹክታ ሰባት ዓመቷ ሳለች ከጎረቤት ሮጣ መጥታ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት «ሰውዬው እየሞተ ነው!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ጆሮዋን ቆንጥጦ «ባለጌ! ደክሟል ነው የሚባለው» አላት። በእርግጥም ሰውየው በዚያው ሳምንት ሞተ፤ ልጅቱ ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም ገድላ አታውቅም። ሁሉም ይደክማል፣ ሁሉም ትንሽ ይከብደዋል። አስተዳደጌ ጥሩ ነው ብዬ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ቅሬታ መልስ አያስፈልግም።

አራተኛ፤ ልጅቱ ከስልኩ በኋላ ያደረገችውን ድርጅትዎ «ሕመም በመደበቅ» ብሎ በመዝገብ አስፍሮታል። ምን እንደደበቀች ልንገርዎ። ለአሠሪዋ ሁሉንም የነገረች መስሏታል። አሠሪዋም ሰምታ «ይተኙ፣ አትቀስቅሻቸው» ያለችው፣ አሮጊቷ ከእንግዲህ በሆስፒታል ሽቦ ሳይንገላቱ በቤታቸው በሰላም እንዲሄዱ ቤተሰቡ የወሰነ መስሏታል። እኛም አገር እንዲህ የሚወስን አለ። ስለዚህ መጋረጃውን ዘጋች። እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠበች። አንሶላውን ቀየረች። ምራቃቸው እንዳያንቃቸው በጎናቸው አስተኛቻቸው፣ ትራስ ከጀርባቸው ደገፈች። ከንፈራቸው ሲደርቅ በጥጥ ውሃ ነካች። ስልክ እንዳይረብሻቸው ዘጋችው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ ቀኝ እጃቸውን ያዘች፣ ያን የማይዘጋውን። ከጠዋቱ ሦስት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት። ምሳ አልበላችም።

አሠሪዋ በሩን ስትከፍት መጋረጃ የተዘጋ ክፍል፣ የጠፋ ስልክ፣ ዓይኗ ያበጠ ሠራተኛና አፏ የተጣመመ እናት አገኘች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጮኸች ይባላል። ሹክሹክታ ጩኸቱን እንጂ ቃሉን አልሰማችም። ለቅሶ መስሏት፣ እንደ ወጉ አብራት አለቀሰች። ይህም በመዝገባችሁ «ጥፋቷን አምና ተጸጽታለች» ተብሎ ተተርጉሟል።

ሐኪሙ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ እንደነበር፣ የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ እንደሆነ፣ እርሳቸው ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ እንዳለፋቸው ጽፈዋል። አሮጊቷ በሕይወት አሉ። ቀኝ እጃቸው ሞቷል፤ ንግግርም የላቸውም። ሴት ልጃቸውን አልወቅስም፤ እርሷ የተነገራትን ሰማች። እናቴ ደክሟታል ሲሉኝ እኔም ተዋት ትተኛ እል ነበር።

አምስተኛ፤ ሹክሹክታ አሁን በእናንተ ማረፊያ ቤት፣ ስምንት አልጋ ባለው ክፍል፣ ፓስፖርቷ በእናንተ ካዝና ሆኖ ትኖራለች። የፊታችን ረቡዕ ለችሎት ትቀርባለች። ጥፋተኛ ከተባለች ሁለት ዓመት ትታሰራለች። በችሎቱ የሚያስተረጉምላት ደግሞ፣ በአስተርጓሚ እጥረት ምክንያት፣ የእርስዎ ክፍል እንደሆነ በደብዳቤዎ ግርጌ በትንንሽ ፊደል አስታውቀውኛል። ስለ ግልጽነትዎ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። በእርስዎ ማኅተም «በእነዚህ ሰዎች ንግግር ስለ አልጋ ቁራኛ ሽማግሌ ደክመዋል ማለት በጠና ታመዋል ማለት ነው» የሚል አንድ መስመር ለችሎቱ ይጻፉ። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ከክፍልዎ ውጭ የሆነ አስተርጓሚ ይጠሩ። መስመሩን ቢጽፉ ስህተቱ የክፍልዎ መሆኑ ይወጣል፣ ይህን አውቃለሁ። ባይጽፉ ሁለት ዓመት የሚታሰረው የሌላ ሰው ልጅ ስለሆነ፣ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ለእርስዎ አላስተምርም።

እስከዚያው እኔ ሥራ አልፈታሁም። ማረፊያ ቤቱ በየሁለት ቀኑ አሥር ደቂቃ ስልክ ይፈቅዳል። በአሥሩ ደቂቃ ልጄን እያባለግኋት ነው። «ዳኛው ሲጠይቅሽ፣ አሮጊቷ እየሞቱ ነበር በይ» እላታለሁ። «አባባ፣ እንዴት እላለሁ፣ ነውር ነው» ትለኛለች። «እየሞቱ ነበር!» እላለሁ፣ ጎረቤት እስኪወጣ። «ትንሽ... ከብዷቸው ነበር» ትላለች። «ሂጂ፣ አንቺ ድምፅ ሳታሰሚ የምትቀልጪ የፈረንጅ ሻማ!» ብዬ ስሰድባት ትስቃለች። ሳቋን ስለምሰማ መሳሳቷን አልጠላውም። ትናንት ግን አልሳቀችም። «እንዴት ነሽ?» አልኳት፤ ሁልጊዜ «ደህና፣ ምንም አልሆንም» ትል ነበር።  አሁን ግን ጎላ ባለ ድምፅ፣ «አባባ፣ በጣም ፈርቻለሁ» አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው» አልኳት።  አሥሩ ደቂቃ እስኪያልቅ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆየን።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ላላነበቡት ገጽ፣ ለማይጽፉትም መስመር አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ ዘንድ የምመኝ፣ የእርስዎ ታዛዥና ከደጅዎ የማይጠፋ፣

የሹክሹክታ አያት

ማስታወሻ፦ ወደ አሮጊቷ ቤት በሹክሹክታ ምትክ ሌላ ልጅ፣ እርሷም ከእኛው አገር፣ በአራት ቀን ውስጥ መላካችሁን ሰማሁ። ፍጥነታችሁ ያስደንቃል። አያት እንዳላት ጠይቁልኝና የስልክ ቁጥሩን ላኩልኝ፤ እርሷ ወደ እናንተ ከመደወሏ በፊት እኔ ወደ አያቷ ልደውል።