የሁለት ፍርሃት ሰላም

ሰኞ፣ ጥር

ዓርብ በኮሌጁ የውይይት መድረክ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። ጓድ ደሳለኝ ከክፍል ስወጣ በረንዳው ላይ ጠብቆ፣ «ጓድ ውዴ» ብሎ በስሜ ጠርቶ ነገረኝ። የኮሌጃችን የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ይበልጥ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

«ፊዚክስ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት። ስለ ኑክሌር መሣሪያ ከእርስዎ የተሻለ ማን ይናገራል?» አለኝ።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞችም ይመጣሉ። መጀመሪያ ንግግር፣ ከዚያ ጥያቄና ውይይት። መዘጋጃ እንዲሆነኝ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰጠኝ። ፍሬ ነገሩ፦ የኢምፔሪያሊስቶች ቦምብ የጦርነት ነው፣ የወዳጆቻችን ቦምብ የሰላም።

እሺ አልሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ወደ ቤት ስመለስ በሐይቁ ዳር ዞርሁ። ጭጋጉ እስከዚያ ሰዓት አልተነሣም። ውኃውና ሰማዩ አንድ ላይ ተሰፍተው ስፌቱ የጠፋ ይመስል ነበር። አንድ የደንገል ታንኳ ከመሐል ብቅ አለና እንደገና ጠፋ። ቀዛፊው ሲዘፍን ግን ይሰማኝ ነበር። ቆሜ አዳመጥሁ፤ ስንት ሰዓት እንደቆምሁ አላውቅም።

ማክሰኞ

ቤተ መጻሕፍት ዋልሁ። ከድሮ ጀምሮ የተጠራቀሙ የውጭ መጽሔቶች አሉ፤ ማንም አይነካቸውም፣ አቧራ ብቻ። ያነበብሁትን እንዳይጠፋብኝ በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው።

ሁለቱ ኃያላን አንዱ ሌላውን መከላከል አይችልም። የሚተኮሰውን ሚሳይል የሚያቆም ነገር የለም። ስለዚህ ሰላሙ የቆመው በመከላከል ሳይሆን በብድር መመለስ ነው። «ብትመታኝ፣ ሞቼም ቢሆን እመታሃለሁ።» ይህ እንዲታመን ደግሞ ከመጀመሪያው ምት የሚተርፍ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለዚያ ነው በውቅያኖስ ሥር ሰርጓጅ መርከብ የሚደብቁት። የትኛው ጥልቀት ውስጥ እንዳለ ጠላት አያውቅም፤ አለማወቁ ነው የሚያስቆመው።

ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሁለቱ ተዋውለው ሚሳይል መከላከያቸውን ራሳቸው ገድበዋል። ጋሻ መሥራት እንዴት ክፉ ይሆናል? ግን ይሆናል። እኔ የማይበሳ ጋሻ ከሠራሁ፣ አንተን መትቼ ከብድርህ እጠለላለሁ ማለት ነው። አንተም ይህን ስለምታውቅ፣ ጋሻዬ ሳያልቅ ልትቀድመኝ ትቸኩላለህ። እዚህ ዓለም ውስጥ እርቃን መሆን ሰላም ነው፣ ልብስ ጠብ ነው።

ራሴን አመመኝ። ደግሞም ትንሽ ደስ አለኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም።

እና ችግሩ ይኸ ነው፦ ይህ ነገር የሚሠራው ሁለቱም እኩል ሲፈሩ ነው። በጓድ ደሳለኝ ገጽ ላይ ግን የሚፈራው አንዱ ብቻ ነው።

ረቡዕ

አጎቴ መሪጌታ ይትባረክ ዓይናቸውን ለመታከም ከዘጌ መጥተው እኔ ዘንድ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የቅኔ መምህር። ግራ ዓይናቸው ታሽጓል። በረንዳ ላይ ከዘንባባው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠዋቱን ሁሉ አስነበቡኝ። ንግግሬን ማለቴ ነው፤ ገና ግማሽ ነው።

«እነዚህ ሰዎች፣ ሕፃኑንም መነኩሴውንም ጭምር ለማቃጠል ቆርጠዋል?» አሉኝ።

«ቆርጠዋል። ግን እንዳያቃጥሉ ነው የቆረጡት። ቁርጡ ከታመነ አይደርስም።»

«ካልቆረጡ ማን ያምናቸዋል?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ቆርጠዋል። ሰው በልቡ የቆረጠውን ሠርቶታል ልጄ፤ እጁ ብቻ ነው የቀረው።»

ውጭ አገርም እንዲህ የሚሉ ጳጳሳትና ፈላስፎች አሉ፤ አንብቤያለሁ። ንጹሐንን መያዣ ማድረግ፣ ባይገደሉም ኃጢአት ነው የሚሉ። ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተደነቁም።

ከዚያ እኔ በተራዬ ጠየቅሁ። «አንደኛው መሣሪያውን ቀድሞ ቢተውስ? ሌላው እንደያዘ ቢቀር? ያልተወው የፈለገውን ያዝዘዋል እኮ።» አጎቴ ወደ ውኃው ዞሩ። ሐይቁ በኩል የሻላ ወፎች ተራ በተራ ያርፉ ነበር። «ይህን አላውቅም» አሉ። «ይህን ባውቅ መናኝ እሆን ነበር።»

ማታ ወንድሜን ካሳሁንን አነሣን። በምሥራቁ ጦርነት ነው የቀረው። አጎቴ ስሙን በጸሎት ይጠሩታል፣ እኔ አልጠራውም።

ሐሙስ

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ። በሕልሜ ሐይቁ ደርቆ ወለሉ ላይ እሄዳለሁ። ከሥሩ ትልልቅ የብረት ዓሣዎች ተኝተዋል፣ ይተነፍሳሉ። ማንንም እንዳልቀሰቅስ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ። አልፈራሁም፤ እንዲያውም ጸጥታው ደስ ይል ነበር። ስነቃ የደነገጥሁት በዚህ ነው። ሰው ከዚህ ጋር መኖር ይለምዳል ማለት ነው።

ንግግሩን እንደ አዲስ ጻፍሁት። ለፋብሪካው ሠራተኞች «ስትራቴጂ» ብል ይተኛሉ። በሣር ቤት ምሳሌ እነግራቸዋለሁ።

ጭንቀቶቼ፦ ድምፄ። ጥያቄው። ከኋላ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው፤ ሁልጊዜ አንድ የሚጽፍ አለ።

ስለ ካሳሁን አልናገርም። ወስኛለሁ።

ዓርብ

አለፈ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንዲህ አልሁ፦ ሁለት ጠበኞች በሐይቁ ዳር ትይዩ ሣር ቤት አላቸው። ሁለቱም ችቦ ይዘዋል፣ ሁለቱም በቤታቸው የተቀዳ ውኃ የላቸውም። ከዚህም በላይ እያንዳንዳቸው ችቦ የያዘ አሽከር በታንኳ ጭጋግ ውስጥ አስቀምጠዋል። ቤቴን ብታቃጥል አሽከሬ ያንተን ያቃጥላል። ስለዚህ ማንም አይጀምርም። በዚህ መኻል አንዱ ከሐይቁ እየቀዳ ጣራውን ማራስ ቢጀምር፣ ሌላው ሳይጨርስ ልቅደመው ብሎ ሊቸኩል ይችላል።

ሳቅ ተሰማ። ገብቷቸዋል።

ከዚያ የሚነቅፉትን ነገርኋቸው። አንዳንዶቹ፦ ይህ የሚሠራው ሰው ሁሉ አእምሮው ሰላም ሲሆን ነው፤ የሰከረስ? የተቆጣስ? ይላሉ። ሌሎች፦ ጭጋግ ውስጥ የታየው የፀሐይ ነጸብራቅ እሳት መስሎ ቢታይስ? ሚሳይል ከአህጉር አህጉር ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅበት፣ ከቅርብ የተተከለው ደግሞ ጥቂት ደቂቃ፤ አጣርቶ ለመወሰን ጊዜ የለም። ሦስተኛዎቹ ከሌላ ወገን ናቸው፦ ዛቻው ስለማይታመን ተዋግቶ ማሸነፍ የሚያስችል መሣሪያ እንሥራ፣ የሰዉን ቤት ትቶ ችቦውን የሚመታ። ይህ የሚያጽናና ይመስላል፤ ግን ችቦዬ ሊመታ ነው ብዬ ከፈራሁ ቀድሜ እለኩሳለሁ። በመጨረሻ፣ በቅርቡ የአየር ጠባይ ሊቃውንት ያሉትን፦ ከሚነዱት ከተሞች የሚነሣው ጭስ ፀሐይን ይጋርዳል፣ ጠብ በሌለበት አገርም እህል አይበቅል ይሆናል። ሐይቁ የሁላችንም ነውና።

ጓድ ደሳለኝ ፊቱ አልተለወጠም። የእሱን ገጽ አላነበብሁም። አልተቃወምሁትም፤ ብቻ አላነበብሁትም።

ከዚያ ጥያቄ። ከፈትል ክፍል ሻሽ ያሰረች ሴት ተነሣች። በጣም በቀስታ ነው የተናገረችው።

«መምህር፣ ችቦው ሰላም ካስጠበቀ የእኛ ልጆች በምን ሞቱ?»

ከኋላ የሚጽፈው ሰው እጁን አቆመ።

ማለፍ እችል ነበር። «ከርእሳችን ይወጣል» የሚባል ነገር አለ። ሴትዮዋ ግን አልተቀመጠችም፤ ቆማ ታየኝ ነበር። እንዲህ አልኋት፦

«ሁለቱ አንዱ የሌላውን ቤት ማቃጠል ስለማይደፍሩ ጠቡ አልጠፋም እናቴ። ወደ ሌላ ሰው አውድማ ሄደ። እዚያ ዱላ ያቀብላሉ፣ ራሳቸው አይመቱም፣ ችቦውም አይነሣም። ይህን የሚሉ ሊቃውንት አሉ፦ ከላይ ያለው ሰላም ከታች ያለውን ጦርነት ያቀላል። እኔም ወንድሜ ከታች ነው የሞተው።»

አልናገርም ያልሁትን ተናገርሁ።

ሴትዮዋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀመጠች። ጓድ ደሳለኝ ሰዓቱ አልቋል አለ። አላለቀም ነበር።

ቅዳሜ

ጓድ ደሳለኝ ቢሮው አስጠራኝ። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፤ ሲነጋ ጀምሮ ብርማ ነበር፣ ማየት ያቅታል።

«የትኛው ኃያል ነው ዱላ የሚያቀብለው ያሉት?» አለኝ።

«ስም አልጠራሁም።»

«አልጠሩም። ሰው ሁሉ ግን ሁለት ስም ሰምቷል።»

የወንበሩን መደገፊያ ያዝሁ። ተቀመጡ አለኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። ለትምህርት ወዳጅ አገር ሄዶ በነበረ ጊዜ ደወል ተደውሎ ከተማሪዎች ጋር ምድር ቤት አስገብተዋቸው ነበር፣ ለልምምድ። የጋዝ ጭምብል አጥልቀው ተቀመጡ። «አጠገቤ የነበረችው ልጅ እጄን ያዘችኝ። ልምምድ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ይዛኝ ነበር። እነሱም ይፈራሉ ጓድ ውዴ። ይህን በገጹ ላይ መጻፍ አይቻልም።»

ሪፖርት ለክፍለ ሀገሩ ይልካል። ምን እንደሚጽፍ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እሑድ

አጎቴን ወደ ጀልባው ሸኘሁ። ፕላስተሩ ተነሥቶላቸዋል፤ ዓለምን በአዲስ ዓይን እያዩ ሁሉንም ነገር ስሙን ይጠሩ ነበር። ሾላ። ደንገል። ቆርቆሮ። ሕፃን።

መቆሚያው ላይ የቅዳሜውን ነገርኋቸው። እሳቸው ግን ከረቡዕ ጀምሮ ሲያስቡት የከረሙት ሌላ ነበር። «ሄሮድስ ዮሐንስን መግደል አልፈለገም» አሉ። «አዝኖ ነበር ይላል መጽሐፉ። ግን ምሏል፣ እንግዶቹም ሰምተዋል። ቃሉ እንዳይረክስ ብሎ አስገደለው። ያንቺም ኃያላን እንዲህ ናቸው፤ ምለው እንግዳ ፊት ተቀምጠዋል።»

«ምን ማድረግ ነበረበት?»

«ማፈር ነዋ። እንግዳ ፊት ማፈር። ከባድ ነው፣ ግን ሰው አይሞትበትም።»

ጀልባው ተነሣ። ነጭ ጋቢያቸው እያነሰ እያነሰ ሄደ። ውኃው ላይ ፀሐይ ተኝታ ስለነበር የት ላይ እንደጠፉ አልለየሁም።

ሰኞ

ጠዋት የክፍሉን በር በቀስታ ከፈትሁ፣ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ እንደሆነ ብዬ። ተማሪዎቼ ብቻ ናቸው። ስለ ሙቀት መተላለፍ አስተማርሁ። አንዱ ስለ ችቦው ጠየቀኝ፤ ከእረፍት በኋላ አልሁት፣ ከእረፍት በኋላም አልጠየቀኝም።

ጓድ ደሳለኝን ደረጃው ላይ አገኘሁት። አልቆመም። እያለፈ ብቻ፣ «ሪፖርቱ ሄዷል። ያሉትን ጽፌያለሁ። ሴትዮዋ የተረዳችውን አልጻፍሁም» አለኝ።

ከኋላ የነበረው ሰው የጻፈውን ግን እሱም አያውቅም።

ከሰዓት ትምህርት የለኝም። ወደ ሐይቁ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ እግሬን ውኃ ውስጥ ነከርሁት። ሞቅ ያለ ነው። የፋብሪካው ፈረቃ ሲለቀቅ ሴቶቹ በመንገዱ አለፉ፣ እየሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ ሻሽ ያሰረች እጇን አነሣችልኝ፤ ያቺው ትሁን ሌላ ከሩቅ አልለየሁም። እኔም አነሣሁላት። «ካሳሁን» አልሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። አንድ ጊዜ ብቻ። ምንም አልሆነም።