ለሌላ ሰው የተነገረ ምስጢር

ሰኞ፣ መጋቢት 8፣ ከቀኑ 10፡30
መብራት የለም። ለሥነ ልቦና ምክር ወደ እኔ የሚመጡ የሦስት ሰዎች ማስታወሻ በእጅ ገልብጫለሁ። የደ. ግን አልሄድ አለኝ።
ስሙን ላንቺም አልጽፍም፣ ማስታወሻዬ። ደ. ይበቃል። ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ በር ሠሪ፤ ታላቅ ወንድሙ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ተወስዶ ቀረ። ዛሬ አምስተኛ ቀጠሮው ነበር። ፊቱ ረግቷል። እንቅልፍ መጣልኝ አለ። ደስ አለኝ። ቀጠለ፦ የተኛሁት ስለወሰንኩ ነው።
ወንድሙን የጠቆመው ማን እንደሆነ አውቋል፦ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ። ቅዳሜ ሊገድለው ነው።
ጠየቅኩ። በምን? የወንድሙ ሽጉጥ አለ፣ ከነጥይቱ፣ ቤቱ ውስጥ። የት? በልብስ ሰፊው ሱቅ በር ላይ። ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ? ሁለቴ እስከ በሩ ሄዶ ተመልሷል። የሚያቆምህ ነገር አለ? እስከ አሁን የምታቆመኝ እናቴ ነበረች አለ። ነበረች።
የመጀመሪያ ቀን የፈረመውን አስታወስኩት፦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም አልልም። ሳቀ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ላንቺ ብቻ እኮ ነው የነገርኩሽ።» ወጣ።
እናገራለሁ ብዬ በግልጽ አልነገርኩትም። ፈራሁ።

ያው ቀን፣ 12፡00
ለወ/ሮ ለተ. ደወልኩ፤ የሷንም ስም አሳጥሬዋለሁ። ሥራዬን የምትከታተል ሱፐርቫይዘሬ ናት። ስሙን ሳልጠራ ነገርኳት። ንዴት ሁሉ ዛቻ አይደለም አለች። ይሄ ግን የታወቀ ሰው፣ መሣሪያ፣ ቦታና ቀን አለው። ሕጉ መስመሩን አጥርቶ አያሳየንም፤ የሙያው ሥነ ምግባር ግን ያሳያል። መጀመሪያ ራሱን አናግሪው፣ መሣሪያውን ያስረክብ። እምቢ ካለ ለፖሊስም ለሰውዬውም ይነገር፤ የሚያስፈልገው ብቻ። የተነጋገርነውን ከነሰዓቱ ጻፊ አለች። ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ስልክ አያነሳም። ሰባት ጊዜ ደወልኩ።
በምሳ ሰዓት እግሬ ወደ ሱቁ ወሰደኝ። መሄድ አልነበረብኝም። ሽበታም ሰው፣ ሜትር አንገቱ ላይ፣ የአንዲት ተማሪ ትከሻ ይለካል። ቀሚስ ለማሳጠር መጥቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም ብዬ ተመለስኩ።
ጠቁሞ ይሆን? እሱን ማጣራት የኔ ሥራ አይደለም። ግን አእምሮዬ አርፎ አይቀመጥም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10
5፡00 ላይ ደ. ራሱ መጣ። በሩ እንደተዘጋ ነገርኩት። ዛሬ ለፖሊስ እናገራለሁ፣ ከጀርባህ ግን አይደለም። ሽጉጡን አጎትህ ይረከብህ፣ አብረን እንደውልለት። በየቀኑ ና። ከፈለግህ ሆስፒታል አብሬህ እሄዳለሁ።
ተነሣ። ወንበሩ ወደቀ።
«አንቺም ጠቋሚ ሆንሽ!»
ወንበሩን አነሣሁ።
ሄደ። የደወልኩት፦ 5፡20 ወ/ሮ ለተ. ጋ። 5፡30 ፖሊስ፦ ስም፣ ዛቻው፣ መሣሪያው፣ ቦታው፣ ቅዳሜ። መዝገቡን ይዘሽ ነይ አሉኝ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አልሰጥም አልኩ። ስለ ወንድሙ እያለቀሰ የነገረኝ እኔ ጋር ይቀራል። 6፡00 ለአጎቱ፦ መጀመሪያ ቀን ለአደጋ ጊዜ ያስመዘገበው እሱን ነው። ስለ ሽጉጡ ብቻ ነገርኩት።
6፡15 ልብስ ሰፊው። ከለተ. ጋር ሄድን። ተማሪዋ የለችም፣ ብቻውን ነበር። ሊጎዱህ ያሰቡ አሉ፣ ፖሊስ ያውቃል፣ እስከ ቅዳሜ ሱቅህ አትምጣ አልነው። ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ፣ «እናቱ ደኅና ናት?» አለ።
ለተ. አየችኝ። ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ወዳለች ልጁ ሄደ።
ያ ጥያቄ ልቤን ያዘው። ስሙን ሳንጠራ ደ. መሆኑን አወቀ፤ ስለጠቆመ ይሆን? ወይስ የሰፈር ሰው ስለሆነ?

ዓርብ፣ መጋቢት 12
አጎቱ ሽጉጡን ይዞ ከደ. ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ደ. ራሱ ነው የሰጠኝ አለኝ። ፖሊሶቹ የደ.ን ቃል ተቀብለው፣ አጎቱን ዋስ አድርገው ለቀቁት። እናቱ ዘንድ ነው፤ አጎቱም ከጎኑ አይለይም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ለቀጣዩ ሰው በር ከፈትኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13
ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ዋልኩ። አልጮኸም። ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለ «ምንም» አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15፣ 9፡00
ሰዓቱ የደ. ነው። አልመጣም። አጎቱ መጣ። ካንቺ ጋር አልቀጥልም፣ ከሌላ ሰው ጋር ግን እሞክራለሁ ብሏል አለኝ። እንድጠይቅሽም ብሎኛል፦ ስለ ወንድሙ የነገረሽን ለፖሊስ ተናግረሻል?
አንዲትም ቃል አልተናገርኩም አልኩት። እንዲያ ብለህ ንገረው።
አይመልሰው ይሆናል። ይጥላኝ። እሱም ሰውዬውም በሕይወት አሉ።
የማስተላለፊያ ደብዳቤውን ነገ ጠዋት እጽፋለሁ። ለሚረከበው ባለሙያ የማስተላልፈውን ግን አስቀድሜ በአጎቱ በኩል ለደ. አስነብባለሁ። የማይፈልገውን መስመር ይሰርዝ። ወስኛለሁ።