ከዱቄቱ ስር የደበቅሁት

እታለም ቺሉፍያ፣

በዚህ ሰፈር እንደኔ የባልና ሚስት ነገር የሚገባው የለም! ጎረቤታችን እነ ሙሶንዳ ቤት ባልና ሚስቱ ሲጯጯሁ "ይቺ ሴትዮ አበሳዋን አየች" እል ነበር። ያንቺ ባል ድምፁን ስለማያሰማ ደግሞ "ታድለሽ" ያልኩሽ እኔው ነኝ።

የሙሶንዳ እናት ግን ባሏ ሲናገራት አፍ አፉን ትለዋለች፤ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ጥላ መዝሙር ጥናት ትሄዳለች። አንቺ ማታ ማታ ስልክሽን ከፍተሽ ለባልሽ ታስረክቢያለሽ። ገበያ ስትውዪ የት እንደቆምሽ ከስልኩ ላይ ያያል። መጀመሪያ መዝሙሩን አስተወሽ፣ ቀጥሎ ጓደኛሽን ምዌንያን። ዛሬ ደግሞ እኔን ከቤታችሁ አውጥቶ ወደ መንደር እየላከኝ ነው።

ማን እንደደወለልሽ የነገርኩት እኔ ነበርኩ።
በቃ።

እሱ የንሺማ ገንፎ መሥራት ስለማያውቅ ዱቄቱን አይነካም። ደብዳቤውን አንብበሽ አቃጥይው። የስልክሽን መክፈቻ ቁጥር በድንገት እንዳትቀይሪ፣ ይጠረጥርና ይብስበታል። ወደ ሙሶንዳ እናት ስትሄጂ ስልኩን ቤት ተዪው።

ቅድም ለሷ "የእህቴን ባል ነገር ደረስኩበት!" ብዬ ስነግራት፣ ምን አለችኝ መሰለሽ?
"አንቺ ገና ዛሬ ነቃሽ? እህትሽ በኔ ስልክ ለእናታችሁ መደወል ከጀመረች ስድስት ወሯ። ላንቺ ያልነገረችሽ ወሬ ስለምታመላልሺ ነው።"

ካሱባ