የፈረምኩትና የሰረዝኩት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀመርሽ? አባዬስ ሐኪሙ የከለከለውን ጨው ተደብቆ መነስነሱን ተወ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ቁጣዬም ደህና ነው፤ ስልኩን ትቼ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው። በስልክ እኔ ስጀምር አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ እዘጋለሁ።

ባለፈው ሥራ ላይ ችግር ገጠመኝ ስልሽ «ታምማ ነው እንላለን፤ ወሬው ሳይሰማ ሹልክ ብለሽ ነይ፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አልሽኝ። እንግዲህ ወሬውን ከእኔው ስሚው።

እንደምታውቂው ሥራዬ መነጽር መግጠም ነው። ሌንሶቹን በፍሬሙ ልክ ከሞረድን በኋላ ከግራው እንዳይምታታ የቀኙ ላይ በቀለም ነጥብ እናደርጋለን። የዚያን ቀን ሁለቱን አንድ ላይ አጠብኳቸውና ነጥቡ ለቀቀ። በመሣሪያ መልሶ መለካት ሁለት ደቂቃ ነው። ወረፋ ነበረና በዓይኔ ገምቼ ገጠምኳቸው። ፍሬሙ ክብ ስለሆነ አለቦታቸው ገብተው ልክ መሰሉ። መጨረሻ ላይም ሳልለካ «ተለክቷል» ብዬ ምልክት አደረግሁ።

የመነጽሩ ባለቤት በዕድሜ አንቺን የምታክል ልብስ ሰፊ ናት። ራሴን አመመኝ ብላ ብትመጣ ሥራ አስኪያጃችን መነጽሩን ሳያየው «ዓይንሽ ይለምደዋል» ብሎ መለሳት። በሳምንቱ ከደረጃ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሴት ልጇ መነጽሩን መልሳ ስታመጣ የለካሁት እኔው ነኝ፤ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል።

ሁለት ቀን ከአልጋዬ አልወረድኩም። እማዬ፣ በዚያ ሁለት ቀን ስለ እጇ አንዴም አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፤ እንዴት ያዩኛል፣ ምን ይሉኛል። ይባስ ብዬ ሴትዮዋን ጠላኋት፤ «ደግሞ እሷስ አይታ አትወርድም?» አልኩ። እፍረት እንዲህ ነው። ሥራሽ ተበላሸ አይልሽም፣ አንቺ ራስሽ ብላሽ ነሽ ይልሻል። ብላሽ ነኝ ያለ ሰው ወይ ይደበቃል ወይ ይናከሳል፤ የሚጠገነው ነገር አይታየውም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጥያቄ ከአልጋ አስነሳኝ፦ አሁን ማን ይሰፋላታል? ይሄ ከእፍረት ሌላ ነገር ነው እማዬ። ያማል፣ ግን የሚያመው የት እንደሆነ ይታወቃል። ምን አደረግሽ፣ ማንን ጎዳሽ፣ ምን ማድረግ ትችያለሽ ብሎ ይይዝሻል።

ሥራ አስኪያጁ «ሌንሱን ቀስ ብለሽ ቀይሪና አፍሽን ዝጊ» አለኝ። ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አቅፋ የሳመችኝ እንዳይመስልሽ! «ይቅርታሽ ጨርቅ አይቆርጥም፤ መቀሱን ያዢ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሷ ጋ እሄዳለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እቆርጣለሁ፣ ጠርዝ እሰፋለሁ። ትናንት አንድ እጅጌ ሁለቴ አስፈታችኝ። «አንቺ መነጽር ገጣሚ፣ ይሄም ተገልብጧል!» ትለኛለች። እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። መብቷ ነው፤ እኔም የምሄደው ይቅር እንድትለኝ አይደለም። ሥራ ቦታም ሌንሶቹን ለየብቻ፣ በሁለት ሳህን ማጠብ ጀመርኩ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ እንደነገርኳት ሲሰማ መነጽሩን ከፎቶዬ ጋር ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ፊት አቁሞ «አታፍሪም?» ይለኛል። በመጨረሻ ወረቀት ሰጠኝ። አንደኛው መስመር ሌንሱን አዛብቻለሁ፣ ሳልለካ ለክቻለሁ ብያለሁ ይላል። እውነት ነው፤ ፈረምኩ። ሁለተኛው «በተፈጥሮዬ ግዴለሽና ለሙያው የማልበቃ ሰው ነኝ» ይላል። እሱን ሰረዝኩት። ከሥሩም «ሴትዮዋ አሞኛል ስትል ሳይለካ የመለሳት ሰው የራሱን ይፈርም» ብዬ ጻፍኩ። «ዓይንሽን በጨው ታጥበሻል! ወይ ሙሉውን ፈርሚ ወይ ጋውኑን አውልቂ» አለ። አወለቅሁ፤ አጣጥፌም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

ስለዚህ እማዬ፣ ሥራ የለኝም፤ እየፈለግሁ ነው። በየሄድኩበትም የተባረርኩበትን ምክንያት ራሴ እናገራለሁ። ሹልክ ብዬ ግን አልመጣም። የሴትዮዋ ጀሶ የሚፈታው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ መቀሱ የእኔ ነው። አንቺም ታማለች አትበይልኝ። አልታመምኩም፤ አጥፍቻለሁ፣ ጥፋቴንም እየካስኩ ነው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ያን ቀበጥ ወንድሜን ፈተናውን ቢወድቅም ውጤቱን ደብቆ እንዳያስጨንቃችሁ ንገሪው። ጎረቤታችንን የጡት እናቴን ናፍቀሻታል በያት። አክስቴን ደግሞ ሳትጠይቅሽ ቁጭ አድርገሽ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላት፤ ወሬው እንደሆነ በእሷ በኩል ሰፈሩን መዞሩ አይቀርም፣ እውነቱ ይዙርልኝ።

ልጅሽ
ከልብስ ሰፊዋ ቤት፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ኅዳር 14 ቀን